ከመዝሙር ወደ ቆጠራ፦ እስከ አሥር ለማስተማር የሚዘጋጅ የመዋዕለ ሕፃናት ዕቅድ ምን መመዘን አለበት?

በመዋዕለ ሕፃናትና በዜሮ ክፍል ለሒሳብ የሚዘጋጀው ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ «ሕፃናቱ ከ1 እስከ 10 እየዘመሩ ይቆጥራሉ» በሚል ዓላማ ይጀምራል፤ በግምገማው ዓምድም ይኸው ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ዘምሮ አሥር ላይ ሲደርስ ዓላማው እንደ ተሳካ ይመዘገባል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ መዝሙር፣ እንቅስቃሴና ጨዋታ ለዚህ ዕድሜ ተገቢ መንገዶች ቢሆኑም፣ ዕቅዱ ለሦስቱ የተለያየ ሥራ ካልሰጣቸውና ግምገማውን ከመዝሙሩ ካላላቀቀ በስተቀር የሚለካው ቆጠራን ሳይሆን የቃል ጥናትን ነው የሚል ነው።

ሮሼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ቆጠራ የሚመራባቸውን አምስት መርሆዎች ለይተዋል። ለዚህ ትምህርት በይበልጥ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው። የመጀመሪያው የቁጥር ቃላት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መነገራቸው ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቃል ብቻ መስጠት ነው። ሦስተኛው በመጨረሻ የተነገረው ቃል የመላውን ስብስብ ብዛት እንደሚገልጽ መረዳት ነው። መዝሙር በቀጥታ የሚያገለግለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለሁለተኛው እንቅስቃሴ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ጨዋታ ይሻላሉ።

መዝሙሩ ቅደም ተከተሉን ማስያዙ ቀላል ውለታ አይደለም፤ አሥሩ ቃላት በቃል ከመያዛቸው በቀር ሌላ መንገድ የላቸውምና። ሆኖም ካረን ፊውሰን እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳየችው፣ ሕፃን መጀመሪያ ቃላቱን የሚይዛቸው እንደማይቆራረጥ አንድ ገመድ ነው። «ከስድስት ቀጥሎ ማን ይመጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከአንድ ጀምሮ ካልተንደረደረ መልስ አያገኝም። ዘወትር ከአንድ ጀምሮ አሥር ላይ የሚያልቅ መዝሙር ይህን ገመድ ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም። መድኃኒቱ መዝሙሩን መተው ሳይሆን አዘማመሩን መለወጥ ነው፤ መምህሯ አንድ ቀን ከአራት ታስጀምራለች፣ ሌላ ቀን ሰባት ላይ እጇን አንሥታ ታስቆማለች፣ ቀጥሎም ዝም ብላ ቀጣዩን ቃል ትጠብቃለች።

በእንቅስቃሴው ክፍል የሚፈጠረው ስሕተት ግን ከአማርኛ ቃላት ቅርጽ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በቀላሉ አይታይም። በተለመደው አነጋገር ከአሥሩ ቃላት «አንድ» እና «ሦስት» ብቻ በአንድ ቀለም ይነገራሉ፤ የቀሩት ስምንቱ እያንዳንዳቸው ሁለት ቀለም አላቸው፤ ሁ-ለት፣ አ-ራት፣ አም-ስት እያሉ። ሕፃናቱ የመዝሙሩን ምት ተከትለው ሲያጨበጭቡ በየቀለሙ ስለሚያጨበጭቡ አሥር ቃላት በ18 ጭብጨባ ያልፋሉ። ይህ ልማድ ወደ ዕቃ ሲዛወር ጉዳቱ ይገለጣል። ሰባት ቆርኪ የተደረደረላት ሕፃን በየምቱ አንድ ቆርኪ ብትነካ፣ ሰባተኛውን የምትነካው «አም» ስትል ነው፤ ስለዚህ ቃላቱን በትክክለኛ ቅደም ተከተል እየጠራች ሰባቱን ቆርኪ «አምስት» ብላ ትጨርሳለች። መምህሯ ጆሮዋን ብቻ ከሰጠች ስሕተቱን አትሰማውም፤ ጣቷን ማየት አለባት። በዚህ ምክንያት ጭብጨባን ለዘፈን ትቶ ለቆጠራ አንድ ቃል ከአንድ እርምጃ ጋር የሚሄድበትን እንቅስቃሴ መምረጥ ይበጃል። በጠመኔ በአንድ መስመር የተሠመሩ አሥር ሳጥኖች ለዚህ ይበቃሉ፤ ሕፃኑ ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ይነሣል፣ እግሩ ሳጥኑ ውስጥ ሲያርፍ ቃሉን ይጠራል፣ ቃሉ ሳያልቅ ወደ ቀጣዩ አይዘልም።

ሦስተኛው መርሆ ለመፈተን እጅግ አስቸጋሪው ነው። «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ አያስተማምንም፤ ብዙ ሕፃናት መጨረሻ ላይ የጠሩትን ቃል መድገም መምህሯን እንደሚያስደስት ይማራሉ፣ ቃሉ ብዛትን እንደሚገልጽ ሳይገባቸው። ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመችው ጥናት የተጠቀመበት የ«ስጠኝ» ተግባር ይህን ቀዳዳ ይደፍናል። ሕፃኑ ከክምር ውስጥ የተወሰነ ቁጥር እንዲሰጥ ይጠየቃል። የገባው እየቆጠረ አውጥቶ በተጠየቀው ላይ ያቆማል፤ ያልገባው እፍኙን ዘግኖ ይሰጣል። እስከ አሥር ያለ ስሕተት የሚጠራ ሕፃን ሦስት እንዲሰጥ ሲጠየቅ እፍኝ ሙሉ ሊሰጥ ይችላል። መረዳቱም የሚመጣው ደረጃ በደረጃ ነው፤ በመጀመሪያ አንድን ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለትን፣ ከዚያም ሦስትን አስተካክሎ ይሰጣል፤ ይህም ወራትን ይፈጃል። ስለዚህ የአንድ ቀን መዝሙር ሊያሳካው የሚችል ዓላማ አይደለም።

አርባ ሕፃናት ላሉት ክፍል የ30 ደቂቃ ዕቅድ እንዲህ ሊደራጅ ይችላል። አምስት ደቂቃ ከመካከል እየተጀመረና እየተቋረጠ ለሚዘመር መዝሙር ይውላል። ዐሥር ደቂቃ ለሳጥን ዝላዩ ይሰጣል፤ ሁለት ሦስት መስመር ከተሠመረ ተራው ይፈጥናል፣ ተራ የሚጠብቁትም የዘላዩን እግር እያዩ ቃሉን ይጠራሉ። የቀሩት ዐሥራ አምስት ደቂቃዎች ለገበያ ጨዋታ ናቸው። ሕፃናቱ አምስት አምስት ሆነው በስምንት ቡድን ይቀመጣሉ፤ በየቡድኑ አንዱ ባለሱቅ ሆኖ ሌሎቹ «አራት ስጠኝ»፣ «ሰባት ስጠኝ» እያሉ በተራ ይገዛሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን ዐሥራ አምስት፣ በጠቅላላው 120 ቆርኪ ያስፈልጋል። ከአሥር መብለጡ ሆን ተብሎ ነው፤ በክምሩ ውስጥ አሥር ብቻ ካለ «አሥር ስጠኝ» የተባለ ሕፃን ያለውን ሁሉ ገፍቶ ትክክል ይሆናልና፤ ማቆም መቻሉ ግን አልተፈተነም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ መምህሯ ብቻዋን አርባ ሕፃን በየግል መፈተን አትችልም የሚል ነው። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ የቡድን መዝሙር እንደ ግምገማ የተመረጠውም ከዚሁ የተነሣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁሉንም በአንድ ቀን መፈተን አያስፈልግም። ጨዋታው ሲካሄድ በየቀኑ አራት ሕፃናትን ብትጠራ በዐሥር የትምህርት ቀናት ክፍሉን ታዳርሳለች። ከሦስት ትጀምራለች፤ የተሳካለትን ወደ አራት ታሳድጋለች፣ ያልተሳካለትን ወደ ሁለት ትመልሳለች፤ በስሙ ትይዩም አስተካክሎ የሰጠውን ትልቁን ቁጥር ትጽፋለች። የሚቀረው ችግር ድካምና ዓይን አፋርነት ነው፤ የሚያፍር ሕፃን እያወቀ ሊሳሳት ይችላልና አንድ ጊዜ የተሳሳተው በሌላ ቀን እንደገና ይጠየቃል።

ይህ መዝገብ ከዕቅዱ ጋር ሲያያዝ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ይለወጣል። ሁለት ላይ የቆመ ሕፃን በገበያው ጨዋታ ሦስት እንዲሸጥ ይደረጋል እንጂ ሰባት አይጠየቅም። በዓላማው ዓምድም «ይዘምራሉ» በሚለው ፈንታ «ከዐሥራ አምስት ቆርኪዎች መካከል የተጠየቁትን ብዛት ቆጥረው ይሰጣሉ» የሚል ይጻፍ። የዚህን መልስ የክፍሉ የጋራ ድምፅ ሊሸፍነው አይችልም፤ ሕፃኑ በእጁ ይዞት ይታያል።