«ይሄ ፎቶ የት ነው የተነሳው?» ሲሏችሁ

በቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ደጋግሜ የማየው ጥያቄ አለ። አንድ ሰው የአንዲት ልጅ ፎቶ ይለጥፍና «ይሄ ሰፈር የት ነው? የምታውቁ ተባበሩኝ» ይላል። ወዲያው ሰው ይረባረባል። አንዱ ዩኒፎርሟን አይቶ ትምህርት ቤቷን ይጠራል፣ ሌላው ከኋላዋ ካለው ኮንዶሚኒየም ላይ የብሎክ ቁጥሩን ያነባል። ሁሉም እንቆቅልሽ የፈታ ነው የሚመስለው። እኔ ግን እንዲህ ላለው ጥያቄ መልሱ እምቢ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ብዙዎቻችን የምንፈራው ጂፒኤሱን ነው። እውነት ነው፣ የካሜራው ሎኬሽን ክፍት ከሆነ ስልካችን ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ስንልከው ይህ መረጃ ይወጣል፤ በፋይል መልክ ስንልከው ግን አብሮ ይሄዳል። ሎኬሽኑን ማጥፋት ጥሩ ነው። ምስሉ ላይ በዓይን የሚታየውን ግን አያጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ጃፓን ውስጥ የሆነው ይህንን ያሳያል። አንድ ወጣት የሚያደንቃትን ዘፋኝ ሰልፊ አጉልቶ ሲያይ ዓይኗ ላይ የባቡር ጣቢያ ተንጸባርቆ አገኘ። ጣቢያውን በጉግል ስትሪት ቪው አመሳክሮ ለየው። እዚያው ጠብቆ እስከ ቤቷ ተከተላትና ጥቃት አደረሰባት። ከቤቷ በቀረጸቻቸው ቪዲዮዎች ላይም መጋረጃውንና ብርሃን የሚገባበትን አቅጣጫ ያጠና እንደነበር ተዘግቧል። ጂፒኤስ አላስፈለገውም።

የኔ መለያ ቀላል ነው፦ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ነገም እዚያ ቦታ ይገኛል ወይ? ባለፈው ዓመት ላሊበላ የተነሳ ጎብኚ ነገ እዚያ አይገኝም። ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሥራ ቦታ ግን በየቀኑ የምንመለስባቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ከሆነማ የመውጫው ሰዓትም ይታወቃል፤ በር ላይ መቆም ብቻ ነው የሚቀረው።

ጠያቂው «ሰርፕራይዝ ላደርጋት ነው»፣ «እህቴ ናት፣ ጠፍታብን ነው» ሊል ይችላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷ ከሱ ሸሽታ ሊሆንም ይችላል። እኛ ማረጋገጥ አንችልም። የምትቀርበው ከሆነች ራሷን ይጠይቃት። ሰው ከጠፋም ለፖሊስ ያመልክት፤ እኛም የምናውቀውን የምንናገረው ለፖሊስ ነው።

እምቢ ስንል ደግሞ ግማሽ መልስ አንስጥ። «ሲኤምሲ አይደለም» ማለት እንኳ ፍለጋውን ያጠብለታል። «የሰው ቤት አልናገርም» ብለን እንለፍ፤ ፖስቱ እንዲነሳ ለአድሚኑ እንንገር፤ ልጅቷን የምናውቃት ከሆነም በውስጥ መስመር እናሳውቃት። እሷ ራሷ የለጠፈችውን ፎቶ ልታጠፋው ትችላለች። እኛ ኮሜንት ላይ የጻፍነው አድራሻ ግን አንዴ ስክሪንሾት ከተነሳ አይመለስም።