ቤቱን ባዶ ያስቀረው ተከራዩ አይደለም

ዲላ ውስጥ በር ላይ የተለጠፈውን «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ዝናብ እስኪያጠፋው ባዶ የሚቆይ ቤት አለ። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ተከራይ ጠፋ» ይላችኋል። አልጠፋም! የሚያባርረውን ያላወቀው ራሱ ነው።

ምክንያቱን መለየት ከባድ አይደለም። ማንም ካልደወለ መጀመሪያ ማስታወቂያውን ይመርምር፤ ዋጋ፣ የክፍል ብዛትና ሰፈር የሌለበት፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ያለበት ወረቀት ማንንም አይጠራም። ሰዎች መጥተው አይተው ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁ ከሄዱ ችግሩ ቤቱ ነው፤ ግድግዳው ሻግቷል ወይም ውኃ ሲጠፋ የሚያገለግል ሮቶ የለውም። ሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ካልተጠገነ በክረምት ይመለሳል። ቤቱን ወደውት ዋጋውን ሲሰሙ ከተመለሱ ግን ጥፋቱ የዋጋው ነው።

«ጎረቤቴም 6,000 ብር እያለ ነው» አትበሉኝ። የጎረቤትህ ቤትም ባዶ ነው! ዋጋ የሚለካው ሰው በገባበት ቤት ነው።

ሂሳቡን እንሥራ። 5,000 ብር ሲሰጡት «ከ6,000 አልወርድም» ብሎ አምስት ወር የዘጋ ሰው 25,000 ብር አጥቷል። በስድስተኛው ወር 6,000 ቢያገኝ እንኳ ኪሳራውን የሚመልሰው ከ25 ወር በኋላ ነው።

የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁትስ? አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ገድቧል። ደመወዝተኛውን ከበር የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ኪራዩ ሳይሆን ይህ ነው።