ፕሮምፕቱም ይመሰክራል

«ስታይል የማንም አይደለም» የሚለው አባባል በግራፊክስ ዲዛይነሮች ዘንድ እንደ ሕግ አንቀጽ ይጠቀሳል። ለደንበኛ ፖስተር ወይም ማሸጊያ በኤአይ ሲሠራም በሕይወት ያለን ሠዓሊ ስም ፕሮምፕቱ ውስጥ አስገብቶ «በእሱ ስታይል» ማለት እንደ ብልሃት ተቆጥሯል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተሠራውን ሥራ እንጂ የአሳሳል ስልትን ብቻውን አይደለም። ሰውን ፍርድ ቤት የሚያቆመው ግን ቀሪው ግማሽ ነው።

ይህን ለማየት ኤአይ ከመምጣቱ በፊት የተፈረደ አንድ ክስ ይበቃል። ሠዓሊው ሶል ስታይንበርግ በ1976 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርከር መጽሔት ሽፋን የሳለው ሥዕል የኒው ዮርክን ጎዳናዎች አጉልቶ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ዓለም አሳንሶ ያሳያል። በ1984 ኮሎምቢያ ፒክቸርስ «ሞስኮ ኦን ዘ ሃድሰን» ለተባለው ፊልሙ ያሠራው ፖስተር አቅጣጫውን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ያንኑ አቀራረብ ያዘ። ስታይንበርግ ከሰሰ፤ በ1987 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ፖስተሩ ሥዕሉን የቀዳ ነው ሲል ፈረደለት።

ዳኛው ከኒው ዮርክ ሆኖ ዓለምን ማየት የሚለው ሐሳብ ለማንም ክፍት እንደሆነ አልካዱም። ነገር ግን የሕንፃዎቹን ዝርዝር፣ የፊደሎቹን ቅርጽና የሰማዩን አሣሣል አነጻጽረው፣ ስልትም የሥራው አገላለጽ አንዱ አካል መሆኑን አስረዱ። ለመቀዳቱ ማስረጃ ፍለጋ ብዙ መድከም አላስፈለገም፤ የፖስተሩ ሠሪዎች የስታይንበርግን ሥዕል ዓይተው እንደሠሩ ራሳቸው አምነዋል።

የሠዓሊ ስም ያለበት ፕሮምፕትም ያው የእምነት ቃል ነው፤ ልዩነቱ በጽሑፍ መሆኑና ከነቀኑ መቀመጡ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ «ሥራውን ዓይቼው አላውቅም፤ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው» የሚል መከላከያ በእጅጉ ይዳከማል። በዚያ ላይ ስሙን የጻፈው ሰው የሚወጣለትን አይመርጥም። መሣሪያው ስሙን የሚያያይዘው በሥልጠናው ወቅት ካገኛቸው ሥዕሎች ጋር ስለሆነ፣ በብዛት የተሰራጨው ታዋቂ ሥራ አቀማመጡና ቀለሙ ሳይቀር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። «ስልቱን ብቻ ወሰድኩ» ያለ ዲዛይነር ሥራውን ራሱን ሳያውቅ ለደንበኛው አስረክቦ ይሆናል።

በሎጎ ላይ ደግሞ ጥያቄው ጭራሽ ሌላ ነው። የንግድ ምልክት ሕግ ዋና ጥያቄ ሸማቹ ይሳሳታል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ የታዋቂ ድርጅትን ሎጎ አስመስሎ ቀለሙን መለወጥ ወይም ፊደል መቀየር ማምለጫ አይሆንም። ሳይታዘዝ የወጣ ምልክትም ያስጠይቃል። በ2025 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጌቲ ኢሜጅስ በስታቢሊቲ ኤአይ ላይ ካቀረበው ክስ አብዛኛውን ባይቀበልም፣ መሣሪያው በአንዳንድ ምስሎች ላይ የጌቲን የውኃ ምልክት እያስመሰለ ማውጣቱን ግን በተወሰነ ደረጃ የንግድ ምልክት ጥሰት ሆኖ አግኝቶታል።

«ካምፓኒው ዋስትና ሰጥቶኛል» የሚሉም አሉ። ትልልቆቹ አቅራቢዎች ለከፋይ ደንበኞቻቸው እንዲህ ያለ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ውሉ እስከ መጨረሻ ከተነበበ ግን የሌላ ሰው መብት እየተጣሰ መሆኑን እያወቀ ለተጠቀመ እንደማይሠራ ይናገራል። ምስሉን ለንግድ ምልክትነት በመጠቀም የሚመጣውን ክስም ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ ያወጣዋል። የሠዓሊውን ስም የጻፈ ሰው ደግሞ አላወቅኩም ማለት ይከብደዋል።

ለደንበኛው የሚሸጠው መብት ራሱም ጎዶሎ ነው። የማስታወቂያ ውል አብዛኛውን ጊዜ ሠሪው ሥራው የራሱ መሆኑን እንዲያረጋግጥና መብቱን ለደንበኛው እንዲያስተላልፍ ያስገድዳል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ፕሮምፕት ብቻውን የቅጂ መብት ባለቤት እንደማያደርግ አስታውቋል። እንግዲህ በአሜሪካ ገበያ በፕሮምፕት ብቻ የሠራውን የሚሸጥ ዲዛይነር የሌለውን መብት ያስተላልፋል፤ ለሌላው ሰው መብት ግን ተጠያቂ ሆኖ ይፈርማል። ተፎካካሪ ያንኑ ምስል ቢገለብጥ ደንበኛው የሚያስቆምበት የቅጂ መብት ላይኖረው ይችላል።

መፍትሔው ስሙን አውጥቶ የሚፈለገውን መግለጽ ነው። ለቡና ማሸጊያ «በእገሌ ስታይል» ከማለት «ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ሦስት ቀለም፣ ከግራ የሚመጣ የማለዳ ብርሃን፣ ጥላ የሌለው ዳራ፣ ጽሑፍም ምልክትም የሌለበት» ማለት ይቻላል። የወጣውን በምስል ፍለጋ አጣርቶ ሎጎውን በእጅ መሥራት ይከተላል። «ሠዓሊው ሞቷል» ማለትም አይበቃም፤ በአገራችን አዋጅ ጥበቃው ከሞት በኋላ 50 ዓመት ስለሚዘልቅ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ዛሬም የተጠበቁ ናቸው።

በሕይወት ያለን ሠዓሊ ስም ሳይጠሩ የሚፈልጉትን መግለጽ ካቃተዎት፣ የፈለጉት ስልቱን ሳይሆን ሠዓሊውን ነው። እሱ ደግሞ በሕይወት አለ፤ ዋጋውን ይጠይቁት።