«አልፈልግም» የተባለው ነገር ተመልሶ ስለ መምጣቱ

በዩቲዩብ ከሚገለገሉ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ፣ «አልወደድኩትም ብዬ አውራ ጣቱን ወደ ታች ብጫነውም ያው ዓይነት ነገር ተመልሶ ይመጣብኛል» የሚል ነው። ይህም ቅሬታ እንዲያው የተመልካች ምሬት ብቻ አለመሆኑን፣ ሞዚላ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ያወጣው ጥናት አስረድቶአል።

በጥናቱ 22,722 ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ብራውዘራቸው ላይ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ጫኑ። ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ተቃውሞአቸው ከዩቲዩብ የራሱ ቁልፎች በአንዱ ስም በእውነት ለዩቲዩብ ሲደርስ፣ የሌሎቹ ግን ሳያውቁት ወዴትም ሳይደርስ ይቀር ነበር፤ ለሁለቱ ወገኖች ከዚያ በኋላ የቀረቡላቸው ቪዲዮዎች ሲነጻጸሩ የእያንዳንዱ ቁልፍ ኃይል ተለይቶ ታወቀ። ዲስላይክ ካልተፈለገው ጥቆማ የከለከለው 12 በመቶውን ብቻ ነበር፤ «Not interested» የሚለውም 11 በመቶ። ቪዲዮውን ከታዩት መዝገብ መሰረዝ 29 በመቶ፣ ቻናሉን በሙሉ እንዳይጠቆም መከልከል ደግሞ 43 በመቶ አስቀርተዋል።

የዚህን ልዩነት መንሥኤ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ስብከትና መዝሙር ከመስማት በቀር ሌላ የማይሹ አንዲት እናት፣ አባቶችን እርስ በርስ የሚያጣላ የስድብ ቪዲዮ ተልኮላቸው፣ እያዘኑና እያማተቡ ሃያ ደቂቃውን እስከ ፍጻሜው ካዩት በኋላ ዲስላይክ ተጫኑ እንበል። በእርሳቸው ኅሊና ፍርዱ ተፈጽሞአል። የኩባንያው መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት ግን፣ የዚያን ጊዜው መሣሪያ በመጀመሪያ ከሚሊዮኖች መካከል ጥቂት መቶ ቪዲዮዎችን ተመልካቹ ቀድሞ ካያቸው ተነሥቶ ይመርጣል፤ ቀጥሎም እነዚያን ምን ያህል ጊዜ ይታዩ ይሆን ብሎ በመገመት በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። የሚማረውም፣ በአውራ ጣት የተሰጠው ፍርድ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ሳያስበው ከሚተወው የመመልከት ምልክት ነበር። እንግዲህ የእኒህ እናት ሃያ ደቂቃ በአንድ ወገን፣ አንዲቱ ዲስላይክ በሌላ ወገን ቆመው፣ ብዙ ምስክር ያቆመው ባለጉዳይ እንደሚረታ ሁሉ ሃያው ደቂቃ ረታ። እርግጥ ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተሻሽሎ የተመልካቹን እርካታም ለመገመት ይሞክራል፤ ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጽሑፍ እንደሚለው፣ ለመመልከትና ለእርካታ የሚሰጠውን የክብደት መጠን የሚወስኑት መሐንዲሶቹ ናቸው እንጂ ተመልካቹ አይደለም።

ከዚህም ሌላ፣ የተቃውሞው ትርጉም ራሱ ድብቅ ነው። እኒያ እናት የጠሉት ተናጋሪውን ይሁን፣ ጉዳዩን ይሁን፣ ወይስ የስድቡን ጽርፈት፣ ቁልፉ አይናገርም። «Not interested» ሲጫኑ ምክንያቱን ለመንገር የሚያስችል ምርጫ ይቀርባል፤ በውስጡም ሁለት መልሶች አሉ፤ አንደኛው ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛው አልወደድኩትም የሚሉ ናቸው። የመጀመሪያው መልስ ጉዳዩን መውደድን እንኳ ሊያመለክት ሲችል፣ ሁለተኛው ግን መጥላትን ነው፤ ይህን ምርጫ ሳይመልስ ያለፈ ሰው ሁለቱን እንዲቀላቅሉበት ፈቀደ ማለት ነው።

ስለዚህ እኒያን እናት የሚረዳ ልጅ ቢኖር፣ አስቀድሞ ያን ቪዲዮ ከታዩት መዝገብ ይሰርዝላቸው፤ እኔ እንደሚገባኝ ይህ ከዲስላይክ የሚበልጠው፣ በመዝገቡ የተጻፈውን ምስክርነት ራሱን ስለሚፍቅ ነው። ቀጥሎ ቪዲዮውን በጥቆማ ዝርዝር ውስጥ ሲያገኘው፣ ከጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ «Don't recommend channel» የሚለውን ይምረጥ። ይህም ቢሆን የሚዘጋው አንዱን በር ብቻ ነው፤ ያው ድምፅ ሌላ ሥዕል ለብሶ በሌላ ቻናል ሲጫን እገዳው አይከተለውም፣ የአማርኛውን የወሬ ቻናል መንደር የሚያውቅ ሁሉ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ጥናቱ በወጣ ጊዜ የኩባንያው ቃል አቀባይ የሰጡት መልስ፣ ቁልፎቹ አንድን ጉዳይ ወይም አመለካከት በሙሉ አያጣሩም፣ ያም ቢደረግ ሰው የራሱን ድምፅ ብቻ እየሰማ እንዲኖር ያደርገዋል የሚል ነበር። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ኩባንያ አንድን አሳብ ከሕዝብ ፊት መሰወሩ አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ ስድብ መስማት በቃኝ ማለቷ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም መከልከል ፍትሕ አይመስለኝም። በዚያች የምክንያት መጠየቂያ ላይ፣ ከሁለቱ መልሶች ቀጥሎ፣ «ጉዳዩን ራሱን ለጊዜው አልሻም» የሚል ሦስተኛ መልስ ቢጨመር፣ ከነማብቂያ ቀኑ ተመዝግቦ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ የሚሽረው ቢሆን፣ የኩባንያውም ሥጋት የእናቲቱም ዕረፍት ይጠበቁ ነበር።