ደንብ ተከብሮም ይወደቃል

ሰሞኑን ለተማሪዎች የታተመ አንድ ጽሑፍ፣ ፈተና ላይ የሚመጡ የቢሮክራሲ ውድቀቶች ሁሉ ደንብ በመጣሱ የደረሱ ስለሆኑ የማክስ ቬበር ሞዴል አልተነካም ይላል። ስህተት ነው፤ ተማሪውንም የተሳሳተ መልስ ያስመርጠዋል። የጠፈር መንኮራኩሯን የቻሌንጀርን አደጋ እንውሰድ። መንኮራኩሯ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከመነሳቷ በፊት በነበረው ምሽት፣ የሮኬቱ አምራች መሐንዲሶች መጋጠሚያውን የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በብርድ ስለሚደድሩ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች እንዳትነሳ መከሩ። የናሳ ማርሻል ማዕከል ኃላፊዎች ሞገቷቸው። መሐንዲሶቹ ሥጋታቸውን በቁጥር ማረጋገጥ ስላልቻሉ የገዛ ኩባንያቸው አለቆች ምክሩን ሻሩት። ማርሻል ደግሞ ጉዳዩ በራሱ እርከን እልባት አግኝቷል በሚል ወደ ላይ አላሳወቀም። የመጨረሻውን ፈቃድ የሰጡት ሹማምንት ስለ ተቃውሞው ሳይሰሙ መንኮራኩሯ ተነሳች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ።

ማርሻል ማሳወቅ ነበረበት የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ መርማሪው ኮሚሽንም ወቅሶታል። ነገር ግን እያንዳንዱ እርከን የራሱን ጉዳይ ዘግቶ የተጣራውን ብቻ ወደ ላይ ማሳለፉ የተዋረድ ሥራው ራሱ ነው። ዕውቀቱ ያለው ባለሙያው ዘንድ፣ ሥልጣኑ ያለው አለቃው ዘንድ የሆነውም በሥራ ክፍፍሉ ምክንያት ነው። ቬበር የገለጸው ንድፈ ሐሳባዊ አብነት እንጂ ምክር አይደለም ቢባልም፣ ቢሮክራሲ በትክክለኛነትና በፍጥነት ከሌሎች አደረጃጀቶች እንደሚበልጥ የተናገረው እሱ ነውና አባባሉ ይፈተናል። ለፈተናው የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሁሉም ሰው ደንቡን ቢያከብር ጉዳቱ ይቀር ነበር? ጉቦ ተቀብሎ ፈቃድ የሰጠ ሠራተኛ ከሆነ አዎ፤ ጥፋቱ የሰውየው ነው። የምሽቱን ተቃውሞ ያስቀረው ግን እርከኑ ነው።