የቀበናው ግንብ ማንን አዳነ?

ታክሲ ውስጥ ስለ ኤምባሲ ወሬ ከተነሳ አንድ ሰው «እዚያ ግቢ ገባህ ማለት እኮ ውጭ አገር ገባህ ማለት ነው» ማለቱ አይቀርም። ሌላውም ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይስማማል። እውነቱን እንናገር፣ ተማሪዎች ሳለን እኛም ስለ ጣሊያን ኤምባሲ በጻፍነው የክፍል ሥራ ላይ «በጣሊያን መሬት ላይ» የሚል ሐረግ አስገብተን ነበር። መምህራችን ሐረጉን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «መሬቱማ የኛው ነው» ብለው ጻፉበት። ያኔ ምን ልዩነት ያመጣል ብለን አጉረመረምን። ዛሬ ግን የነገሩ ቁልፍ እዚያች ቀይ መስመር ውስጥ እንዳለ እናምናለን። እስቲ አብረን እንየው።

ግንቦት 1983 ላይ እንመለስ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ወደ ዚምባብዌ ኮበለሉ። ለሳምንት ያህል አገሪቱን በፕሬዝዳንትነት የያዙት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ነበሩ። ኢሕአዴግ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ሲገባ እሳቸው ቀበና የሚገኘው የጣሊያን ኤምባሲ ውስጥ ተጠለሉ። ቀደም ሲል ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን በተጠባባቂነት ይዘው የነበሩት ኃይሉ ይመኑ፣ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላ እና ቀድሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባይህም እዚያው ገቡ። አራቱም ያንን በር ሲያልፉ የቀናት ወይም የሳምንታት ነገር መስሏቸው ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጉዳያቸው ያበቃው ከ29 ዓመት ተኩል በኋላ፣ ታኅሣሥ 2013 ላይ ነው።

ሰውዬው እና ግንቡ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የዲፕሎማቱ ያለመከሰስ መብት ነው፤ ይህ ሰውዬውን ተከትሎ ይሄዳል፣ መንገድ ላይም፣ ቤቱም፣ ምግብ ቤትም። ሁለተኛው የኤምባሲው ግቢ አይደፈሬነት ነው፤ ይህ ግንቡን እንጂ ሰውን አይከተልም። ሁለቱም የሚገኙት እ.ኤ.አ. በ1961 በተፈረመው የቪየና ስምምነት ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1979፣ በራሱ በደርግ ዘመን መሆኑን ልብ በሉ።

አራቱ ባለሥልጣናት የጣሊያን ዲፕሎማት አልነበሩም። ስለዚህ ያለመከሰስ መብት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤትም በሌሉበት ከመክሰስ የከለከለው ነገር አልነበረም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቀይ ሽብር ጉዳይ ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው። መሬቱ የኢትዮጵያ ነው፤ ሕጉም የኢትዮጵያ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፖሊስ በሩን አልፎ ሊይዛቸው አይችልም። የስምምነቱ አንቀጽ 22 የተቀባይ አገር ሰዎች ያለ ሚሲዮኑ መሪ ፈቃድ ወደ ግቢው እንዳይገቡ ይከለክላል። «ወንጀለኛ ካለ በስተቀር» የሚል ሐረግ የለበትም። «እሳት ከተነሳ በስተቀር» የሚልም የለበትም። ለቆንስላ ጽሕፈት ቤት በወጣው ሌላ ስምምነት ውስጥ እሳት ሲነሳ ፈቃድ እንደተሰጠ ይቆጠራል፤ ለኤምባሲ ግን አምባሳደሩ እሺ ካላሉ የእሳት አደጋ መኪናም ከበር ውጭ ይቆማል።

«እሺ፣ ታዲያ በኤምባሲው መኪና ጭነው ኤርፖርት አያደርሷቸውም ነበር?» የሚል አይጠፋም። መኪናውም አይፈተሽም፣ እውነት ነው። ነገር ግን መኪና አውሮፕላን ውስጥ አይገባም። ሰውዬው እግሩን አስፋልቱ ላይ ባሳረፈባት ቅጽበት ግንቡ ከኋላው ቀርቷል፤ ተራ ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው። አገሩ መውጫ ፈቃድ ካልሰጠው በስተቀር ከኤምባሲ የሚያስወጣ መንገድ የለም። ስለዚህ አስተናጋጁ ማስወጣት አይችልም፣ ፖሊስም መግባት አይችልም። ሁለቱም ግራና ቀኝ ቆመው ይተያያሉ።

ሕጉ ራሱ የተወው ክፍተት

ጣሊያን ሰዎቹን የማስጠለል መብት ነበራት ወይ? ይህ ጥያቄ ከቀበና በፊትም ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1949 የፔሩ ፖለቲከኛ ሀያ ዴ ላ ቶሬ ሊማ የሚገኘው የኮሎምቢያ ኤምባሲ ውስጥ ገብቶ ነገሩ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ጥገኝነቱ በደንቡ መሠረት አልተሰጠም አለ። ኮሎምቢያ ተመልሳ «እና ላስረክበው?» ብላ ስትጠይቅ ደግሞ «የማስረከብ ግዴታ የለብሽም» ተባለች። ጥገኝነቱም ይብቃ፣ ማስረከብም ግዴታ አይደለም! መልሱ ተነጋገሩ የሚል ነበር። ሰውዬው ከኤምባሲው የወጣው በ1954 ነው።

የቪየናው ስምምነትም ይህን ክፍተት አልደፈነም። በአንቀጽ 41 ግቢው ከሚሲዮኑ ሥራ ጋር ለማይሄድ ነገር እንዳይውል ይከለክላል። ደንቡን የጣሰ ኤምባሲ ግን ግንቡ ይፈርሳል አይልም። የጣሊያን መከራከሪያ የሞት ቅጣት ነበር፤ አገራችን ሞት የሚያስፈርድ ክስ ላይ ላለ ሰው አሳልፋ አትሰጥም አለች። ይህን እንደ ማስመሰያ አንቆጥረውም፣ የሕጓ አቋም ነው። ነገር ግን የቀይ ሽብር ቤተሰቦችን ጆሮ ከመውቀስ ያለፈ ሌላ መፍትሔ አልነበረም ወይ ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

መፍትሔው ምን እንደነበር የነገሩ መጨረሻ ራሱ ነገረን። በታኅሣሥ 2013 ፕሬዝዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ የሁለቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት፤ ፍርድ ቤቱም በአመክሮ ለቀቃቸው። የተዘጋውን በር የከፈተው የሞት ፍርዱ መነሳት ነው። ይህ ቁልፍ ያለው በኢትዮጵያ እጅ ነበር። ለሌሎቹ የደርግ ባለሥልጣናት ቀድሞ ወጥቶላቸው ነበር። በግንቦት 2003 የ23ቱ የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ ብዙዎቹም በመስከረም 2004 ከ20 ዓመት እስር በኋላ በአመክሮ ወጡ።

ይህን አስሉት። ከ1983 ጀምሮ እስር ቤት የተቀመጡት በ20 ዓመታቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከእስር ያመለጡት ግን ከ29 ዓመት በላይ ከአንድ ግቢ ሳይወጡ ቆዩ። ኃይሉ ይመኑ እዚያው ራሳቸውን አጠፉ። ተስፋዬ ገብረ ኪዳን በ1996 ዓ.ም. በግቢው ውስጥ በተነሳ ጠብ በደረሰባቸው ጉዳት እንደሞቱ ተዘገበ። ግንቡ ከፖሊስ አዳናቸው እንጂ ከእስር አላዳናቸውም። ለተበዳዮቹ ደግሞ ከሁሉ የከፋው እስሩ አይደለም። ፍርድ ቤት ቆመው ፊት ለፊት ሲጠየቁ አለማየታቸው ነው። ይህን ማንም ሊመልስላቸው አይችልም።

ታዲያ ሰብሮ መግባት ነበረበት?

አልነበረበትም እንላለን። ይህን ያደረገ አገር አይተናል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 2024 ማታ የኢኳዶር ፖሊስ ኪቶ የሚገኘውን የሜክሲኮ ኤምባሲ ሰብሮ ገብቶ በሙስና የተፈረደባቸውን የቀድሞ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆርሄ ግላስን ይዞ ወጣ። ኢኳዶር «ሜክሲኮ ግቢውን ለማይገባ ነገር አዋለችው» አለች። ክርክሩ ቢያሳምንም ባያሳምንም፣ ሜክሲኮ ወዲያው ግንኙነቷን አቋረጠች፤ ሁለቱም ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ተገናኙ። አንድ ሰው ለመያዝ ሲባል በየአገሩ ያሉት የራስ ኤምባሲዎች በር ሁሉ ሳይዘጋ እንዳደረ ይቆጠራል።

ሕጋዊው መንገድ ረጅም ነው፤ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ለንደን ላይ ከሊቢያ ኤምባሲ መስኮት በተተኮሰ ጥይት አንዲት ፖሊስ ተገደለች። ብሪታንያ ሰብራ አልገባችም። ግቢውን 11 ቀን ከበበች፣ ግንኙነቱን አቋረጠች፣ ሰዎቹን አባረረች፣ ግቢው ኤምባሲነቱ ሲያበቃ ብቻ ገባች። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ተኳሹም ከሌሎቹ ጋር ወጥቶ ሄደ። እንግሊዞቹ ይህን ዋጋ የከፈሉት ትሪፖሊ ውስጥ የራሳቸው ሰዎች ስለነበሩ ጭምር ነው።

ይህ ጉዳይ ለኛም ሁለት ፊት አለው። መስከረም 19 ቀን 2007 ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግቢ ተቃዋሚዎች ባንዲራ ሲያወርዱ አንድ የኤምባሲው ሰው ሽጉጥ ተኮሰ። ማንም አልተጎዳም። የአሜሪካ መንግሥት «ያለመከሰስ መብቱን አንሱለትና ይጠየቅ» አለ። መብቱ የሰውዬው ሳይሆን የላከው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ ማንሳት የሚችለውም መንግሥት ነው። መንግሥታችን አልፈቀደም፤ ሰውዬውም ከአገር ወጣ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1997 እዚያው ዋሽንግተን ጠጥቶ ሲያሽከረክር አንዲት የ16 ዓመት ልጅ የገደለ ዲፕሎማት ላይ ጆርጂያ መብቱን አነሳች፤ ሰውዬውም ታሰረ።

እንግዲህ ቀበና ላይ የተናደድን ሰዎች ዋሽንግተን ላይ ዝም ማለት አንችልም። የኛ ሐሳብ አጭር ነው። ግንቡ ይቁም፤ ግንቡ ከሌለ ዲፕሎማት የለም። ነገር ግን ግንብ ያለው መንግሥት ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ደብቆ «ሕጉ ከለከለኝ» እንዳይል። ሕጉ ፖሊስን እንጂ አምባሳደሩን «በሩን ክፈት» ከማለት አልከለከለም።

መምህራችን ልክ ነበሩ፤ መሬቱ የኛው ነው። ስለዚህ በቀበናው ግንብ ጥግ ስታልፉ «እዚያ ውስጥ ጣሊያን ነው» አትበሉ። «እዚያ ውስጥ ኢትዮጵያ ናት፤ ፖሊሷ ግን እስኪፈቀድለት በር ላይ ይጠብቃል» በሉ።