የማስታወቂያ ቃል ወደ ሩስያኛ ሲሻገር

የንግድ ማስታወቂያ ቃል ሲተረጐም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው የድምፁ ውበትና በውስጡ የተሸሸገው ሁለተኛ ፍች ነው። እነዚህ ሊሻገሩ በማይችሉበት ጊዜ ተርጓሚው የቀድሞውን ቃል ትቶ በሌላው ቋንቋ ዐዲስ ቃል ይደርሳል። ሥራው እንዴት እንደሚፈጸም ለመረዳት በሩስያ አገር የታወቀውን የጂሌት ምላጭ ማስታወቂያ እንመልከት።

ኩባንያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ያወጣው ቃል «ዘ ቤስት ኤ ማን ካን ጌት» የሚል ነበር፤ ይኸውም «ወንድ ሊያገኘው ከሚችለው ሁሉ የበለጠው» ማለት ነው። ነገር ግን «ጌት» የሚለው ግሥ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ዕቃውን ማግኘት ሲሆን፥ ወርቁ ሰውዬው ራሱ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ደረጃ ነው። ከዚህም ሌላ «ጌት» ከ«ጂሌት» ጋር ቤት ስለሚመታ ቃሉን ያስታወሰ ሁሉ ስሙን ያስታውሳል።

ይህን በቀጥታ ወደ ሩስያኛ ብንመልሰው «ሉችሸዬ፥ ሽቶ ሞዠት ፖሉቺት ሙሽቺና» ይሆናል። ሰዋስዉ ጕድለት የለበትም። ሆኖም በእንግሊዝኛ 6 የነበረው ቀለም 12 ይሆናል፤ ቤት መምታቱም ይቀራል። «ፖሉቺት» ደብዳቤ ወይም ደመወዝ ለመቀበል የሚነገር ግሥ ስለ ሆነ ወርቁ ይጠፋል፤ አነጋገሩም የጽሕፈት ቤት ይመስላል።

ስለዚህ በሩስያኛ የወጣው ቃል «ሉችሸ ድልያ ሙሽቺኒ ንዬት» ሆነ፤ ፍችውም «ለወንድ ከዚህ የሚሻል የለም» ነው። ሩስያውያን የምላጩን ስም «ዢልዬት» ብለው ስለሚጠሩት «የለም» ከሚለው «ንዬት» ጋር ቤት ይመታል። ቀለሙም 7 ብቻ ነው። የማግኘት ግሥ ከነወርቁ ተትቷል፤ ዜማው፥ እርግጠኛነቱና ስሙን የማስታወስ ኀይሉ ግን ተጠብቀዋል።

በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ችግር የሚነሣው ሩስያኛ ከማያውቀው የዕቃው ባለቤት ጋር ነው። ዐዲሱ ቃል ተመልሶ ሲተረጐምለት «‘ማግኘት’ የሚለው ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ያቀርባል፤ ከያንዳንዱም ጋር ቀጥተኛውን ፍች፥ ምን እንደ ተጠበቀና ምን እንደ ተተወ ጽፎ ያስረዳል። ቃሉም ከዕቃው ስም ጋር ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ሲሰማው ከተደናቀፈ ወይም ትርጉም መሆኑን ካወቀ ሥራው አልተጠናቀቀም።

ይህ ዘዴ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2019 ዓ.ም. ኩባንያው የእንግሊዝኛውን ቃል በጥቂቱ ለውጦ «ዘ ቤስት ሜን ካን ቢ» አለ፤ «ማግኘት» በ«መሆን» ተተካ ማለት ነው። እንግሊዞች የድሮውን ቃል ስለሚያውቁ ለውጡን ወዲያው ያስተውላሉ። የሩስያኛው ቃል ግን የማግኘት ግሥ ስለሌለው በ«መሆን» የሚተካ ነገር አይገኝበትም። ስለዚህ ተርጓሚው እንደገና ከመጀመሪያው መድረስ ይኖርበታል።